ጀርባው ላይ የጠፋው አንድ አኃዝ፦ ደሴ ላይ የተፈተሸ የአንድ ስማርት ባንድ ጉዳይ

እኚያ እናት ከሐይቅ ከተማ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ነበር ደሴ የገቡት። ፒያሳ አካባቢ ያለችውን ሱቄን ገና በቅጡ ሳልከፍት ባንኮኒው ላይ መሐረባቸውን ፈቱና ሦስት ነገር አስቀመጡ፤ አንድ የሞተ ስማርት ባንድ፣ የማይሠሩ ሁለት ቻርጀሮች። ባንዱን ልጃቸው ከጂዳ ነው የላከችላቸው። አስም አለባቸው። ልጅቷ በየማታው እየደወለች «የኦክስጅኑን ቁጥር አንብቢልኝ» እንድትል ታስቦ የተላከ ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ሲላክ ቻርጀሩ እዚያው ቀረ፤ ባንዱም ጥቂት ጊዜ ታስሮ ይዞት የመጣው ቻርጅ ሲያልቅ፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

«ልጄ ስድስት ነው ብላኛለች፤ አንተ ብቻ የሚሞላበትን ፈልግልኝ» አሉኝ።

«ስድስት» ማለት የሻኦሚ ሚ ባንድ 6 ማለት ነው። እኔ ግን ደንበኛ የነገረኝን ቁጥር ይዤ ዕቃ ማዘዝ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቻርጀር ልክ ካልሆነ የሚመልሰው የለም። እሳቸውም ሁለት ጊዜ ከስረው ነው የመጡት። አንደኛው ቻርጀር ባንዱ ከማሰሪያው ወጥቶ የሚሰካበት ጎድጓዳ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በየመንገዱ የሚሸጠው ባለ ሁለት ፒን ማግኔት ነው። ማግኔቱ ባንዱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሻጩ «ያዘ እኮ፣ ልኩ ነው» ያላቸውም ለዚህ ነው። ማግኔት ግን ብረት እስካገኘ ድረስ ይይዛል፤ መያዙና መሙላቱ አይገናኙም።

ባንዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ከጀርባ መጀመር ጥሩ የሚሆነው ብዙውን ጥርጣሬ በአንድ እይታ ስለሚያስወግድ ነው። ጀርባው ላይ ምንም የብረት ነጥብ ባይኖር ኖሮ ያለ ንክኪ የሚሞላ ዓይነት ነው ብዬ ወደ አፕል ዎች ወይም ወደ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች እሄድ ነበር። አራት ነጥብ ያላት ትንሽ ክብ ቀዳዳ ባገኝ ጋርሚንን እጠረጥራለሁ። ነጥብም ቀዳዳም ሳይኖር ማሰሪያው ከጫፉ ተስቦ ሲወጣ ጠፍጣፋ የዩኤስቢ ምላስ ብቅ ቢል፣ እንደ ሁዋዌ ባንድ 4 ቻርጀር የማያስፈልገው ዓይነት ነው፤ እንዲያ ያለውን ይዘው ቻርጀር ፍለጋ ሲንከራተቱ የከረሙ ሰዎች እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ። የእኚህ እናት ባንድ ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም። መሐል ላይ ከቆዳ ጋር የሚጋጠም ትንሽ ጎበጥ ያለ ጥቁር የሴንሰር መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ በታች ወደ አንዱ ጫፍ ተጠግተው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ወርቅማ ነጥቦች አሉ። ሁለቱም ነጥቦች ባንዱ ከማሰሪያው ሳይወጣ ይታያሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ይናገራል። ሚ ባንድ 3 እና 4 እንዲሞሉ ፍሬው፣ ማለትም ስክሪኑንና ባትሪውን የያዘው እንክብል አካል፣ ከማሰሪያው መውጣት አለበት። ከ5 ጀምሮ ግን የቻርጅ ነጥቦቹ ለጀርባ ክፍት ስለሆኑ ማግኔቱ እንደተለበሰው ማሰሪያ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ያ ጎድጓዳ ቻርጀር የቀድሞዎቹ ነው። ለመሞከር ያህል ፍሬውን አውጥቼ ስገፋው ግማሽ መንገድ ገብቶ ተቀረቀረ፤ በመጠን ቢቀራረቡም 5 ከ4 ጥቂት ወፈር ይላል። አንድ ሰው በጉልበት ገፍቶት እንደነበር በፍሬው ጎን ላይ ያለው ጭረት ይመሰክራል። ማን እንደገፋው አልጠየቅሁም።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ልጄ የምለው አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ፤ ዓይኑ ፈጣን ነው፤ ችኩልም ነው። ማሰሪያውን ገና እንዳየ «ሻኦሚ አይደለም» አለ። የፈረደው በመቆለፊያው ነው። የሚ ባንድ 5 እና 6 የፋብሪካ ማሰሪያ ዘለበት የለውም፤ በአንዱ ጫፍ ያለችው ትንሽ የብረት ቁልፍ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ተጭና ትገባለች። የእኚህ እናት ማሰሪያ ግን እንደ ማንኛውም የእጅ ሰዓት ባለ ምላስ የብረት ዘለበት ነው።

«እናቴ፣ ማሰሪያው ከመጀመሪያው ይሄው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኧረ የለም፤ የድሮው እየተፈታ ሁለቴ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሊገባብኝ ነበር። ባቲ ገበያ የሄደች ጎረቤቴ ይህን አመጣችልኝ።»

ማሰሪያ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ መቆለፊያው የሚነግረን የማሰሪያውን ሠሪ እንጂ የባንዱን አይደለም። በተቃራኒው ፍሬው የተቀመጠበት ቀለበት የሚነግረን አለ፤ ቀለበቱ ሳይለጠጥና ሳይላላ ፍሬውን ልክክ አድርጎ ይዞታል። የ5 እና የ6 ማሰሪያዎች እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የ7 ፍሬ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ 5 እና 6 ወርዳቸው 18 ሚሊ ሜትር ከምናምን ሲሆን 7 ደግሞ ወደ 21 ይጠጋል። በካሊፐር ለካሁት፤ 18 ከጥቂት ነጥብ አለ። 7 በዚህ ወጣ። ከ8 ጀምሮ ማሰሪያው ቀለበት መሆኑ ቀርቶ ከሁለቱ ጫፍ እንደ ሰዓት የሚነቀል ሆኗል፤ እሱም አይደለም። ስለዚህ ዘለበቱ ቢያሳስተንም የማሰሪያው ቀለበት ወደ ሁለት ጠበበልን፤ 5 ወይም 6፤ ወይም የእነዚህ አስመሳይ።

አስመሳዮቹን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ከሩቅ የሚ ባንድን መልክ የያዙ ርካሽ ባንዶች በየገበያው ሞልተዋል፤ ከእነሱ መካከል አረንጓዴ መብራቱ ለይስሙላ የሚበራ፣ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡትም የልብ ምት «የሚቆጥር» አጋጥሞኛል። ባንዱ በርቶ ቢሆን ኖሮ በዚህ እፈትነው ነበር፤ በጥቅልል ጨርቅ ላይ አስሬው 72 ካለኝ ፍርዱ ያበቃል። የሞተ ዕቃ ግን እንዲህ አይፈተንም። የቀረኝ ጽሑፉ ነው።

በዚህ ዓይነት ባንድ ጀርባ ላይ፣ በሴንሰሩ ዙሪያ፣ ከጠጠር ያነሱ ግራጫ ፊደላት ታትመዋል። ላብና ቅባት ነው የሚያጠፋቸው። እኚህ እናት ደግሞ እጃቸውን ቅቤ የማይለየው ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ሲታይ ጀርባው ባዶ ነው። ጥጥ በትንሽ አልኮል አርጥቤ ቅባቱን አነሳሁ፤ አጥብቄ አልጠረግሁም፣ ምክንያቱም የቀረችውን ቀለም አብሮ ማንሣት ይቻላል። ከዚያ የሱቁን መብራት አጥፍቼ የስልክ ባትሪ በጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊተኛ እስኪል ዝቅ አድርጌ አበራሁበት። ቀለሙ ሲጠፋም የፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ጥላ ይጥላል። በሌላ ስልክ አጉልቼ አነሣሁትና ምስሉን ስዘረጋው ይህ ወጣ፦

```
XMSH1?HM
```

የጥያቄ ምልክቱ የእኔ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው አኃዝ ሊነበብ አልቻለም። ነገር ግን ከፊቱ ያለው 1 ብቻ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሚ ባንድ 3 XMSH05HM ነው፤ ሚ ባንድ 4 XMSH07HM። ሁለቱም በዚያ ቦታ 0 ነው ያላቸው። ሚ ባንድ 5 XMSH10HM፣ ሚ ባንድ 6 ደግሞ XMSH15HM ነው። ስለዚህ አሁን ጠቡ ያለው በአንድ አኃዝ ላይ ነው፤ 0 ነው ወይስ 5?

ከዚያ አኃዝ የቀረችው ታችኛዋና የቀኝ ጎኗ ብቻ ናት፤ ወደ ታች የምትታጠፍ አንዲት ቅስት። ክፉ ዕድል ሆኖ 0 እና 5 የሚመሳሰሉት በዚህችው ቅስት ነው። ሁለቱን የሚለየው የግራ ታችኛው ጎን ነው፤ 0 ላይ መስመሩ ሽቅብ ይቀጥላል፣ 5 ላይ ደግሞ ክፍት ይሆናል። ያ ጎን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተፍቋል። ብርሃኑን ከአራት አቅጣጫ አበራሁ፤ ከሁለቱ አቅጣጫዎች 0 መሰለኝ፣ ከአንዱ 5። ሰው የሚፈልገውን እንደሚያይ ስለማውቅ ይህን መረጃ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ልጄ ግን አልተቀበለኝም፤ «እሳቸው ስድስት ብለዋል፣ ምልክቱም 5 ይመስላል፣ ስለዚህ XMSH15HM ነው» ብሎ ደመደመ። አባባሉ ያደናግራል፤ የ5 አኃዝ ያለበት ሞዴል ስድስተኛው ባንድ ነው፤ ሻኦሚ ይህን ሲሰይም እኛን አላማከረም።

ልጅቷ ጋ ደውለን የገዛችበትን ጊዜ ጠየቅን። በ2013 ዓ.ም. የረመዳን ጾም ሰሞን እንደሆነ ታስታውሳለች፤ ዕቃውን የመረጠላት ሻጩ ነው፤ ካርቶኑን ጥላዋለች። ሚ ባንድ 5 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፤ 6 ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጋቢት። የ2013 ረመዳን ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው የገባው። በዚያ ሰሞን ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እንዲያውም አዲሱ በመውጣቱ የቀድሞው ዋጋ የሚቀንስበት ወቅት ነው። ጊዜው አልፈረደልንም።

አሁን ወደ ቻርጅ ነጥቦቹ ተመለስኩ። ለቻርጀር ጉዳይ 5 እና 6 ልዩነት የላቸውም፤ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ስለዚህ በመሠረቱ ሞዴሉን ሳልለይ ቻርጀሩን መፈለግ እችላለሁ። ነገር ግን አስመሳይ ከሆነስ? በአስመሳዮቹ ላይ የነጥቦቹ ርቀት ወይም የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ 5 ቮልት በተገላቢጦሽ የገባበት ባንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

መጀመሪያ ያ የመንገድ ማግኔት ለምን እንዳልሠራ ማወቅ ፈለግሁ። ፒኖቹን በእስክሪብቶ ቀለም ነካ ነካ አድርጌ ባንዱ ላይ አስቀመጥኩትና አነሣሁት። አንዷ የቀለም ነጥብ ወርቃማው ላይ አርፋለች፤ ሌላዋ ፕላስቲኩ ላይ። በካሊፐር የፒኖቹን መሐል ከመሐል ስለካ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ከተለመዱት የርካሽ ሰዓት ቻርጀሮች ርቀት አንዱ ነው፣ 2.84 እና 4 የሚሆኑም አሉ። የባንዱ ነጥቦች ከዚህ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ማግኔቱ ስቦ ይዞታል፤ ኤሌክትሪክ ግን በአንድ እግር አይሄድም። ባንዱም ያልተቃጠለው በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ፖዘቲቩን ለማወቅ ቴስተሩን በዳዮድ መለኪያ ላይ አደረግሁ። ይህ ስልክ ጠጋኞች በየቀኑ የምንጠቀምበት ዘዴ ነው። ቀዩን ጫፍ በአንዱ ነጥብ፣ ጥቁሩን በሌላው ታስነካለህ፤ ከዚያ ትገለብጣለህ። በአንደኛው አቅጣጫ ከዜሮ ነጥብ ምናምን ቮልት አካባቢ ንባብ ከመጣ፣ በሌላው ደግሞ ንባቡ እጅግ ከፍ ካለ ወይም ክፍት ከሆነ፣ ንባብ በሰጠው አቅጣጫ ቀዩ ያረፈበት አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ ነው፤ በውስጥ ያለው መከላከያ ዳዮድ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ነው የሚያስተላልፈው። እዚህ ንባቡ ግልጽ ነበር፤ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ቢያሳየኝ ኖሮ ውስጡ አጭር ተያይዟል ብዬ ገንዘባቸውን ሳላስወጣ እመልሳቸው ነበር። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ይህ መለኪያ ዕቃው እንዳልተቃጠለ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ባትሪው ደኅና መሆኑን አይናገርም።

ከአዲስ አበባ ከማዘዝ በፊት መዋስ ይሻላል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚ ባንድ 6 ከነቻርጀሩ እንዳለው አስታወስኩ። ቻርጀሩ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እናትየው ወደ ዘመድ ቤት ሄደው ነበርና «አብሽር ልጄ፣ ነገ እመጣለሁ» ብለው በስልክ አጽናኑኝ፤ ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

በመጀመሪያ የመጣውን ቻርጀር ራሱን ለካሁ። ፖዘቲቩ እኔ በዳዮዱ ካገኘሁት ጎን ጋር ተገናኘ። ስጠጋው ማግኔቱ በአንድ አቅጣጫ ሳበው፤ ገልብጬ ስሞክረው ገፋው። ትክክለኛ ቻርጀር ጠባዩ ይህ ነው፤ ማግኔቱ ራሱ ስሕተት እንዳትሠራ ይከለክልሃል። ሰካሁት። ምንም የለም። አንድ ዓመት ተኝቶ እስከ ታች የወረደ ሊቲየም ባትሪ ወዲያው አይነቃም፤ ቻርጅ መቆጣጠሪያው መጀመሪያ በጥቂት ጅረት ነው የሚያነሣው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሻይ ስንጠጣ የባትሪ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

ልጄ ብድግ አለ። «የ6 ቻርጀር ሞላው! 6 ነው አላልኩህም?»

ይህ ድምዳሜ ጥሩ መልክ አለው፤ ስሕተት ነው። የ6 ቻርጀር 5ንም ስለሚሞላ መሙላቱ ስለ ቁጥሩ ምንም አይናገርም፤ የነገረን ፍሬው ከቤተሰቡ መሆኑን፣ ማለትም አስመሳይ የመሆን ዕድሉ እጅግ መቀነሱን ነው። ለልጄ ይህን እያስረዳሁ ሳለ ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቆመ፤ የባትሪው ምልክትና ሰዓቱ የተቀመጡበት ብርሃናማ ክፍል ወደ ታችኛው ጫፍ አልደረሰም። ከሥሩ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቁር ቦታ ቀርቷል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባንዱ ላይ የስክሪን መከላከያ ተለጥፎበታል፤ ከጠዋቱ ጀምሮ አይቸዋለሁ፤ ግን የሰው ዕቃ ነው ብዬ አላነሳሁትም። ዙሪያው ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ ጎበጥ ያለ መከላከያ ነው፤ ጠርዙን ለማሳመር ሲሉ የሚቀቡት። ያ ጥቁር ጠርዝ የመስታወቱን ታችኛ ክፍል ሸፍኖታል። እናትየውን በስልክ አስፈቅጄ ከጥግ በጥፍሬ አንሥቼ ስልጠው፣ ከሥሩ በስሱ የተቀረጸች ትንሽ ክብ ወጣች። ሚ ባንድ 4 እና 5 ከስክሪኑ በታች የምትነካ ክብ ቁልፍ አላቸው። ሚ ባንድ 6 ላይ ቁልፏ ቀርታ ስክሪኑ ወደ ላይና ወደ ታች ተለጥጧል፤ ከ1.1 ኢንች ወደ 1.56። ጫፎቹም እንደ ፍሬው ቅርጽ ክብ ናቸው። የእኛው ክፍል ደግሞ አራት ማዕዘን ነው፤ አጭር ነው፤ ከሥሩም ክቧ አለች። 4 እንዳይሆን ጀርባው ላይ ያለው 1 ከልክሎታል።

ጠዋት በሁለት ደቂቃ መከላከያውን ብልጠው ኖሮ ኮምቦልቻም፣ ጥላም፣ ቅስትም አያስፈልገኝም ነበር። ጀርባ ቤተሰቡንና ቻርጀሩን ነገረኝ፤ 5ን ከ6 ለመለየት ግን በጠፋ ባንድ ጀርባ ላይ ከጽሑፉ በቀር በዓይን የምተማመንበት ነገር አላገኘሁም።

አሁንም አንድ ማረጋገጫ ቀረኝ፤ ምክንያቱም የልጅቷ ዓላማ ኦክስጅን ነው። ልጄ ባንዱን እጁ ላይ አስሮ የልብ ምት አስለካ፤ ከመስኮቱ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ፤ «ቀይ የለውም፣ በቃ 5 ነው» አለ። በዚህ ጊዜ ወደ ትክክለኛው መልስ ደርሷል፤ ምክንያቱ ግን አሁንም ልክ አይደለም። አረንጓዴው ለልብ ምት ነው፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ በእያንዳንዱ ምት ተመልሶ የሚመጣው ይቀንሳል፣ ሴንሰሩም ያንን ይቆጥራል። ኦክስጅን የሚለካው በቀይና በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም እነዚህን የሚውጡት በተለያየ መጠን ስለሆነ። ሚ ባንድ 6 ላይም ቢሆን የልብ ምት ሲለካ ቀዩን መጠበቅ የለብህም፤ ኦክስጅን ለካ ሲባል ነው ተራው የሚደርሰው። በማውጫው ውስጥ የኦክስጅን ገጽ አለመኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ገጾች በስልኩ መተግበሪያ ሊደበቁ ይችላሉ።

ስለዚህ የስልኬን ብሉቱዝ ከፍቼ ባንዱ ራሱን በማን ስም እንደሚጠራ አየሁ፦

```
Mi Smart Band 5
```

ከሁሉም ቀላሉ ማረጋገጫ ይህ ነው፤ ባንዱ ሕይወት እስካለው ድረስ፣ ከሌላ ስልክም ጋር ተገናኝቶ እስካልተያዘ ድረስ። ለዚህ ነው ሰው የሞተ ባንድ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው እንዴት በደኅና ላስነሣው የሚለውን የሆነው። ከተነሣ በኋላ ስሙን ራሱ ይናገራል።

እናትየው በማግስቱ ሲመጡ ባንዱ ሙሉ ሆኖ ጠበቃቸው። ልጃቸውን በቪዲዮ ደወልንላት። አምስት መሆኑን ነገርኳት፤ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ስለሌለው በየትኛውም መተግበሪያ ቢሞከር ያንን ቁጥር እንደማይሰጥ፤ ቁጥር የሚሰጥ መተግበሪያ ከተገኘ የሚሰጠው ፈጠራ መሆኑን ጭምር። ዝም አለች። ከዚያ «ሻጩ ስድስት ነው ብሎኝ ነበር» አለች። ምናልባት ብሏት ይሆናል፤ ምናልባትም ስድስት ስትል የሰማችው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያንን እኔ ልፈርድ አልችልም። ለኦክስጅን ብትፈልግ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ከየትኛውም ባንድ ይሻላል አልኳት። ደሴም ሐይቅም ከፍታ ስላላቸው ቁጥሩ ከጂዳው የእሷ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ቢል እንዳትደነግጥና ለእናቷ ልኩ ስንት እንደሆነ ሐኪማቸውን እንድትጠይቅ ጨመርኩ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ጂዳ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ናት።

ባንዱ አሁንም በልጅቷ መለያ ሥር ነበር። ከማጥፋታችን በፊት የድሮ መረጃዋን ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ይጥፋ፣ ርምጃዬ ምን ይሠራልሃል» ብላ ሳቀች። በባንዱ ማውጫ ውስጥ ወደ ቅንብሩ ገብቼ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መለስኩት፤ በእናትየው ስልክ ላይ ለሚ ባንድ 5 የሚሆነውን ዜፕ ላይፍ ጫንኩ፤ እንደገና አገናኘሁት።

«ታዲያ ትንፋሼን አይቆጥርም ማለት ነው?» አሉኝ እናትየው፣ የእጃቸውን አንጓ እየዘረጉ።

«አይቆጥርም እናቴ። የልብዎን ምትና ርምጃዎን ይቆጥራል።»

«እሱም አይከፋ፤ ከቤት እስከ ሐይቁ ስንት እንደምሄድ ለእሷ እነግራታለሁ።»

ባለ ዘለበቱን ማሰሪያ ልለውጥላቸው ፈልጌ ነበር፤ የ5ም የ6ም የሚሆን ባለ ቁልፍ ማሰሪያ ሱቄ ውስጥ አለ። አልፈለጉም። ዘለበቱ ጉድጓድ አያስገባም ብለው ያንኑ አሰሩ። የተዋስኩትን ቻርጀር ኮምቦልቻ መልሼ፣ ለ5፣ ለ6 እና ለ7 ተብሎ የሚሸጠውን አዲስ ቻርጀር አዘዝኩላቸው። ሲደርስ ገመዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማይጠፋ እስክሪብቶ «ሚ ባንድ 5» ብዬ ጻፍኩበት። ባንዱ ጀርባ ላይ ላለመጻፍ ነው፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ዕድሜው አጭር መሆኑን አይቻለሁ።